አራጣ እያለብኝ ልቆጥብ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 12,000 ብር በወር 10 በመቶ ተበድሬአለሁ። ከደመወዜ በወር 3,000 ብር ይተርፈኛል። ግማሹን ለዕዳው፣ ግማሹን ባንክ ላደርገው አስቤ ነበር፤ እጄ ባዶ እንዳይሆን። ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም ወንድሜ። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 1,200 ብር ስለሆነ 1,500 ስትከፍል ከዋናው የሚነሳልህ 300 ብር ነው። እንዲህ እየሄድክ በስድስተኛው ወር መጨረሻ 9,685 ብር ይቀርብሃል። ባንክ የገባው 9,000 ብርህ ደግሞ በዓመት 7 በመቶ ቢታሰብለት የሚወልደው 130 ብር ያህል ነው፤ ከዚያም ላይ ግብር ይነሳል። ለአበዳሪው የሄደው ወለድ ግን 6,685 ብር ይሆናል።

3,000ውን በሙሉ ዕዳው ላይ ብታውለው በስድስተኛው ወር 1,112 ብር ከፍለህ ትዘጋዋለህ። ወለዱ በድምሩ 4,112 ብር ነው፤ ከዚያ ወር ደመወዝም 1,888 ብር ይተርፍሃል።

ባዶ እጅ መቅረትን መፍራትህ ግን ተገቢ ነው። ልጅ ታሞ እንደገና ከተበደርክ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ላይ 1,500 ብር ብቻ አስቀርተህ ከዚያ ወዲያ ሙሉውን ክፈል። ዕዳው በሰባተኛው ወር ያልቃል፣ ተጨማሪ 970 ብር ገደማም ያስወጣሃል። ውድ ነው፤ ገቢው ለሚዋዥቅ ሰው ግን ያዋጣል እላለሁ። ቋሚ ደመወዝ ካለህና በችግር ጊዜ የሚደርስልህ ዘመድ ካለ ተወው።

ጥያቄ፦ ብር እየረከሰ ነው እኮ። ዕዳ ይዞ መቆየት ነው የሚያዋጣው፤ ነገ የምትከፍለው ብር ዋጋው ያነሰ ነው።

መልስ፦ ለባንክ የቤት ብድር ቢሆን አብሬህ እስማማለሁ። እዚህ ግን ዕዳው በየወሩ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ገበያው በየወሩ ያን ያህል አይወደድም። ደግሞም ብሩ ሲረክስ ባንክ ያስቀመጥከውም አብሮ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ እኔ ከታላቅ እህቴ ነው 8,000 የተበደርኩት፣ ያለ ወለድ። እኔም ቁጠባዬን ላቁም?

መልስ፦ የአንቺ ሌላ ነው። ወለድ የለውም፤ የመመለሻውን ቀን ከእህትሽ ጋር ተነጋገሩበትና ቁጠባሽን ቀጥይ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። አበዳሪውን አናገርኩት፤ «ከዋናው ቆራርጬ አልቀበልም። ወለዱን በየወሩ፣ ዋናውን ባንዴ» አለኝ።

መልስ፦ ይሄ ከላይ ያልኩትን ይቀይረዋል። በየወሩ 1,200 ወለድ ከከፈልክ በኋላ የሚቀርህ 1,800 ስለሆነ 12,000 ለማጠራቀም ሰባት ወር ይፈጅብሃል፤ ወለዱም 8,400 ብር ይደርሳል። እዚህ ላይ መቆጠብ ግዴታህ ነው፤ ግን ዋናውን ለመዝጋት ብቻ። መጀመሪያ ግማሹን፣ 6,000 ብር፣ ባንዴ ይቀበልህ እንደሆነ ጠይቀው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አልቀበልም የሚል ሰው ጠቅለል ያለ ብር ሲያይ አንዳንዴ ይለዝባል።

ጥያቄ፦ እቁብስ? የ12 ሰው እቁብ አለኝ፣ በወር 1,000 እጥላለሁ። እስካሁን አልደረሰኝም፤ ዕዳ እስክከፍል ልውጣ?

መልስ፦ አትውጣ። በመሃል የወጣ ሰው የጣለውን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እቁቡ ሲያልቅ ነው። ይልቅ ሰብሳቢውን አነጋግርና ቀድሞ እንዲሰጥህ ጠይቅ፤ ወይም ዕጣ የወጣለት አባል ተራውን ይልቀቅልህ። ጥቂት መቶ ብር ቢጠይቅህ እንኳ ከአንድ ወር ወለድ ያነሰ ነው። ዋስ ግን ያስጠራሃል። የ12,000 ዕዳ ላለበት ወንድማችንም እንዲህ ያለ እቁብ ቢኖረው ባንድ ጊዜ ይገላግለው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚጥለው ብር ወለድ የለበትም።

ብሩን ስታስረክቡ ግን የፈረማችሁበትን ወረቀት ሳትቀበሉ አትነሱ። አራጣ አበዳሪ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ «18,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብሎ ሊያስፈርም ይችላል፤ ወረቀቱ እጁ ላይ ከቀረ ነገ እንደ አዲስ ዕዳ ይዞት ይመጣል። ከተቻለ በባንክ አስተላልፉ፤ ምክንያቱ ላይም «የብድር ዋና ገንዘብ» ብላችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ አራጣ ወንጀል አይደል? ለምን ይከፍላል? ይክሰሰው!

መልስ፦ ወንጀል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል ከሌለ በየወሩ 1,200 ብር የተላለፈበት የባንክ መግለጫና ምስክር ያስፈልጋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ማስረጃውን ሰብስቤ ጠበቃ አማክር ነበር።

አስተያየት፦ አልስማማም። ክሱ እስኪያልቅ ወለዱ ይቆጥርበታል፣ ዋስ የሆነለትም ሰው አለ። ዘግቶ ይገላገል።

መልስ፦ ዋስ ካለ ያልከው ያስኬዳል፤ መጀመሪያ የሚጨነቀው እሱ ነው። ወንድማችን ዋስ እንዳለው እስካሁን አልነገረንም።