ወርቅና ኢንሹራንስ፦ ከሐዋሳ አንባቢዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

«ታቦር ነው የምኖረው። የቤቴን ዕቃ በ600 ሺህ ብር ኢንሹራንስ አስገብቻለሁ። የባለቤቴ 20 ግራም ሃብል ቢሰረቅ ይከፈለኛል አይደል?»

የምታስበውን ያህል ላይከፈልህ ይችላል። ፖሊሲህን አውጣና ስለ ጌጣጌጥና ውድ ዕቃዎች የሚለውን አንቀጽ ፈልግ። አንዳንዱ ፖሊሲ ወርቅ ለብቻው ካልተመዘገበ ጭራሽ አይሸፍንም። የሚሸፍነውም ብዙ ጊዜ ጣሪያ አለው፤ ለአንድ ዕቃ የሚከፈለው ከጠቅላላው ይህን ያህል በመቶ ብቻ ነው ይላል። ያንተ 5 በመቶ ነው እንበል። የ600 ሺህ 5 በመቶ 30 ሺህ ብር ነው። ለስሌት እንዲመቸን ግራሙን 15 ሺህ ብር ብንይዘው ሃብሉ 300 ሺህ ያወጣል። 270 ሺው ከኪስህ ነው ማለት ነው።

ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና ወርቁ አንድ ላይ ሲደመሩ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ቢያወጡ፣ አንተ ያስመዘገብከው ግማሹን ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ካሳውን በዚያው ልክ ሊቀንሰው ይችላል። ጣሪያው ባይኖር እንኳ ለሃብሉ የምታገኘው 150 ሺህ ነው።

እንዲህ የሚደረገው የቤት ዕቃ አረቦን የሚሰላው በሶፋና በቁም ሳጥን ስጋት ስለሆነ ነው። ወርቅ በኪስ ይወጣል፣ ወዲያው ይቀልጣል፣ ተመልሶ አይገኝም። መፍትሔው ከፖሊሲው ጋር በሚያያዘው ዝርዝር ላይ ራሱን የቻለ መስመር እንዲኖረው ማድረግ ነው፦ «21 ካራት ሃብል፣ 20 ግራም፣ 300 ሺህ ብር» ተብሎ። ያን ጊዜ የአንድ ዕቃ ጣሪያው አይነካውም። አረቦኑ ይጨምራል፣ ያ አይቀርም። የቀረውን የቤት ዕቃ ስታስገምት ግን ወርቁን ከድምሩ አውጣው፣ አለዚያ ለአንድ ነገር ሁለቴ ትከፍላለህ።

«ወርቄ ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ደረሰኝ የለኝም። ወርቅ ቤት አስመዝኜ ይህን ያህል ያወጣል የሚል ወረቀት ባጽፍ ይበቃል?»

አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት አይበቃም እህቴ። የካሳ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕቃው ምን እንደነበር ነውና ወረቀቱ ያንን መመለስ አለበት። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጌጥ ክብደት በግራም፣ ካራቱና ካራቱ በምን እንደተፈተነ (በድንጋይና በአሲድ ወይስ በማሽን) ይጻፍበት። ፈርጥ ካለው የወርቁ ክብደት ከፈርጡ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ፈርጡ አብሮ ከተመዘነ ግራሙ ያለአግባብ ይበዛል። የካራቱ ልዩነትም ቀላል አይደለም፤ 21 ካራት 87.5 በመቶ ንጹህ ወርቅ ሲሆን 18 ካራት 75 በመቶ ነው። ከዚያ ፎቶ፣ ቀን፣ የገማቹ ስም፣ ፊርማና ማህተም።

አደራ የምልሽ ግን ይህን ነው፦ ገማቹን «ግምቱ ለኢንሹራንስ ነው» በይው። ወርቅ ቤቱ ካንቺ ሲገዛ የሚሰጥሽ ዋጋና ያንኑ ጌጥ አዲስ ለማሠራት የምትከፍዪው ዋጋ አንድ አይደሉም። አዲስ የማሠሪያው ዋጋ የሠሪውን የእጅ ዋጋም ይጨምራል። የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ሄደሽ ከማስገመትሽ በፊት ደግሞ ኢንሹራንሱ የማንን ግምት እንደሚቀበል ጠይቂ፣ ሁሉም የማንንም ወረቀት አይቀበልም። ዋናውን የግምት ወረቀት ከወርቁ ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጪ፤ ሌባው አብሮ ይወስደዋል።

«የግምት ወረቀቴ የ2015 ነው። አሁንም ያገለግላል? ወይስ ከፍ አድርጌ ላጽፈው?»

ወርቁ ምን እንደሆነ ለማሳየት ያገለግላል፣ ለዋጋው ግን አያገለግልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ፣ የዓለም የወርቅ ዋጋም ከዚያ ወዲህ በጣም ወጥቷል። በ2015 ዋጋ የተመዘገበ ሃብል ዛሬ ቢጠፋ ያ የተጻፈው ብር የካሳው መጨረሻ ነው፣ በእሱ ግማሹንም ላይገዙ ይችላሉ። ፖሊሲው በየዓመቱ ሲታደስ ግምቱንም አሳድሱ። ካራቱና ግራሙ ስለማይለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀየረው ዋጋው ብቻ ነው። ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ማስጻፍ ግን ጥቅም የለውም፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት አይበልጥም፣ እርስዎ ግን የተጋነነውን አረቦን ሲከፍሉ ይኖራሉ።

«ለሠርግ ይርጋለም ስሄድ ወርቄን አድርጌው ቢጠፋብኝስ?»

የስርቆት ፖሊሲ ብቻ ከሆነ ያለሽ አይሸፍንም። እሱ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ሲገባ ነው፣ ያውም ከተመዘገበው ቤት ውስጥ። በዝርዝር ያስመዘገብሽውን ወርቅ «ከቤት ውጭም፣ በአደጋም ቢጠፋ» በሚል ሁሉን አቀፍ ሽፋን አስይዥው፣ የትኛው ከተማ ድረስ እንደሚሠራም አስጽፊ። ስለ ጥንድ ጌጥም ጠይቂ፤ አንድ ጆሮ ጌጥ ብቻ ከጠፋ ብዙ ፖሊሲዎች የሚከፍሉት የዚያኑ የአንዱን ዋጋ ነው፣ የጥንዱን አይደለም።