ለነጭ ቀሚስ የጥለትና የነጠላ ቀለም

«ለጥምቀት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላሠራ ነው። ጥለቱን ምን ቀለም ላድርገው? ነጠላውስ የግድ ከቀሚሱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት?»

እህቴ፣ ቀለም ከመምረጥሽ በፊት ነጩን ራሱን በደንብ እዪው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። የፋብሪካ ክር ደግሞ ቦግ ያለ ነጭ ነው። ወደ ክሬም ለሚያደላው ወርቃማ፣ ቡኒ፣ ጥቁር አረንጓዴና የወይን ጠጅ ያምርበታል። ብርማና ውሃ ሰማያዊ ግን እሱ ላይ ሲሆኑ ጨርቁን የቆየ ያስመስሉታል፤ ቦግ ላለው ነጭ ተያቸው። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ብርሃን አትወስኚ። ክሩንም ጨርቁንም ይዘሽ ደጅ ውጪ። ጥምቀት የሚዋለው ፀሐይ ላይ ነው።

ነጠላው የቀሚሱ ግልባጭ ባይሆን እመርጣለሁ። ለታናሽ እህቴ ያሠራነውን ልንገርሽ። ቀሚሱ ፈትል ነበር። የታችኛው ጥለት አንድ ስንዝር ያህል ሆኖ ዋናው ቀለም ጥቁር አረንጓዴ፣ በመሃሉ ወርቃማ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀጭን የወይን ጠጅ መስመር ገባበት። ደረቷ ላይ ያለው ጥልፍ አረንጓዴና ወርቃማ ብቻ ነው። ለነጠላው ያችን ቀጭን የወይን ጠጅ አወጣንና ሁለት ጣት በምትሆን ጥለት አሠራናት፤ ከዳር ትንሽ ወርቃማ ነካ አድርገን። ነጠላው ትከሻ ላይ ሲጣል ጥልፉን አልተሻማም፣ ግን ዘመዱ መሆኑ ያስታውቃል። ሁለቱም ላይ ሰፊ ጥለት ካለ ዓይን የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። አጠር ያለ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።

የግድ አንድ ዓይነት ይሁንልኝ ካልሽ ቀሚሱንና ነጠላውን ለአንድ ሸማኔ በአንድ ጊዜ እዘዢ፣ ክሩም ከአንድ ግዢ ይሁን። አረንጓዴ ዛሬ ገዝተሽ በወሩ «ያንኑ ስጡኝ» ብትዪ ትንሽ ይለያል። ያ ትንሽ ልዩነት ደግሞ ጎን ለጎን ሲሆን ያሳጣል። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ለብቻው የተሠራ ነጠላ የምትገዢ ከሆነ ተቀራራቢውን ትተሽ ጭራሽ የተለየውን ውሰጂ። ቢያንስ ታስቦበት የተደረገ ይመስላል።

የሚያብረቀርቅ ክር እወዳለሁ፣ ግን ለታችኛው ጥለት። አንገት አካባቢ ቆዳ ይከረክራል፣ የነጠላውንም ፈትል እየያዘ ይመዛል።

ቀይና የወይን ጠጅ ክር ከመሸመኑ በፊት ቁራጭ ተቀብለሽ አርጥቢውና በነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ አሳድሪው። ጠዋት ጨርቁ ሮዝ ካለ ክሩን መልሺ። እንዲህ ያለው ክር ከተሸመነ በኋላ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ነጩን ያበላሻል፣ በረኪናም ጥለቱን ሳይጎዳ አያነሳውም። ደግሞ ጥምቀት ላይ ጠበል ይረጫል፤ ቀለሙ ለመልቀቅ እጥበቱን ላይጠብቅ ይችላል።