እንጀራ ቀንሶ ጁስ መጠጣትና የክብደት መጨመር

«በዐቢይ ጾም እንጀራ ቀንሼ ከሥራ ስወጣ የአቮካዶ ጁስ፣ ቀን ደግሞ አንድ ለስላሳ እጠጣለሁ። ሌላ ጣፋጭ ነገር አልቀምስም። ታዲያ ክብደቴ የሚጨምረው ከምን የተነሳ ነው?»

እህቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጁስ ቤት ተቀጥሬ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ብርጭቆው ውስጥ ከሚገባው ነገር ልጀምርልዎት። ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ 150 ግራም ያህል የተላጠ አቮካዶ እንጠቀም ነበር፤ ይህ ብቻውን 240 ካሎሪ ገደማ ነው። ስኳሩ ግን ሲጨመር ለደንበኛው አይታይም፤ ምክንያቱም ጠዋት በውሃ ተፈልቶ በጆግ የተቀመጠ ወፍራም የስኳር ውሃ በመሆኑ፣ በጭልፋ ተቀድቶ ከፍሬው ጋር አብሮ ይፈጫል። በአንድ ብርጭቆ 30 ግራም ስኳር ቢገባ እንኳ ከተለመደው የወጣ አይደለም። ላዩ ላይ ለማስጌጥ የሚፈሰው ቀይ ሽሮፕም 10 ግራም ያህል ሊጨምርበት ይችላል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስለሆነ፣ ብርጭቆው በድምሩ 400 ካሎሪ ይደርሳል።

ይህን ያህል ስኳር እንዴት ምላስ አይለየውም ይሉ ይሆናል። ቅዝቃዜ የጣፋጭነትን ስሜት ያደበዝዛል፣ ሎሚው ደግሞ ያስታግሰዋል። የተረፈ ጁስ ሞቆ ሲቀመስ ግን እኛ ሠራተኞቹ እንኳ ፊታችንን እናጨማድድ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን የካሎሪው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሆድ የሚጠጣውን እንደሚበላው አድርጎ አለመቁጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ሰዎች ሙሉ ፖም፣ የተፈጨ ፖምና የፖም ጭማቂ በእኩል የስኳር መጠን ተሰጥቷቸው ሲነጻጸሩ፣ ከሁሉ ይበልጥ ያጠገበው ሙሉው ፍሬ፣ ከሁሉ ያነሰው ደግሞ ጭማቂው ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ15 ሰዎች ላይ የተሠራው ደግሞ ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። ተሳታፊዎቹ በየቀኑ 450 ካሎሪ ለ4 ሳምንት በከረሜላ መልክ፣ ለሌላ 4 ሳምንት ደግሞ በለስላሳ መልክ ወሰዱ። ከረሜላውን በበሉበት ጊዜ ሳያስቡት ከሌላው ምግባቸው ያንኑ ያህል ቀነሱ፤ ለስላሳውን በጠጡበት ጊዜ ግን ምግባቸው ሳይቀንስ ክብደታቸው ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጁሱን ጠጥተው ወደ ቤት የሚሄዱ ደንበኞች እራታቸውን እንደወትሮው እንደሚበሉ ሲነግሩኝ ከሰማሁት ጋር ይገጥማል።

አሁን የእርስዎን ቀን እናስላው። ጁሱ 400፣ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳው 32 ግራም ገደማ ስኳር ስላለው 130 ያህል ይሆናል። ሻይ የሚጠጡ ከሆነ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ በሦስት በሦስት ማንኪያ ሌላ 140 ይጨምራል፤ ጥያቄዎ ውስጥ ስላልጠቀሱት ግን እንተወው። ስለዚህ 530 ካሎሪ በመጠጥ ገብቷል ማለት ነው። ከእንጀራው የቀነሱት 280 ካሎሪ ነው ብንል በየቀኑ 250 ይተርፋል። ጾሙ 55 ቀን በመሆኑ ድምሩ 13,750 ይሆናል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በወረቀት ላይ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭማሪ ነው። ሰውነት ክብደቱ ሲጨምር የሚያቃጥለውም በመጠኑ ስለሚጨምር፣ በሚዛን ላይ የሚታየው ከዚህ ዝቅ ሊል ይችላል።

የብርቱካን ጁስ ይሻላል የሚሉም አሉ። ያለ ስኳር እንኳ ቢሆን አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ወይም አራት ብርቱካን ይጨመቃል፤ ቁጭ ብለው ሦስት ብርቱካን ልጠው የሚበሉበት ቀን ግን ብዙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የጁስን ስኳር የሚቆጥረው ከተጨመረ ስኳር ጋር ነው፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ጣሪያው 50 ግራም ነው። ከላይ የቆጠርነው ጁስና ለስላሳ በስኳር ብቻ 70 ግራም አልፏል።

አቮካዶውን ግን አይኮንኑት፤ በተለይ በጾም ጠቃሚ ስብ ያለው ምግብ ነው። ጁስ ቤት ሲገቡ «ያለ ስኳር» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ማንጎውና ፓፓያው አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ከስኳር ጋር ተፈጭቶ በጆግ ስለሚቀመጥ፣ «አዲስ ይፈጭልኝ፣ ሽሮፕም አይፍሰስበት» ብለው ያዝዙ። ከዚህ ይልቅ አቮካዶውን በቤትዎ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ከዳቦ ጋር፣ እንደ እራት አድርገው ቢበሉት ከእንጀራው ላይ የቀነሱት ነገር በእርግጥ ቀነሰ ማለት ይቻላል። ለስላሳውን በአምቦ ውሃ ቢተኩትና ለሦስት ሳምንት በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ሳይበሉ ቢመዘኑ፣ ጭማሪው ከመጠጡ የመጣ መሆን አለመሆኑን ሚዛኑ ያሳይዎታል። መጠጡን ትተው ክብደቱ መጨመሩን ከቀጠለ ወይም እግርዎ ካበጠ ሐኪም ይይዎት።