ክፍያ ማቆም ውል ማቋረጥ አይደለም

ጥያቄ፦ ከቀበሌ 14 ወደ አባይ ማዶ ቤት ከቀየርን ሦስት ወር ሆነን። የድሮውን ቤት ኢንተርኔት እንዲያጠፉት በስልክ ነግሬያቸው ክፍያ አቆምኩ። አሁን የሦስት ወር ዕዳ አለብዎት የሚል መልእክት መጣልኝ። የማቋረጫ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለት ነገር ሳይነግሩኝ አልፈዋል። ውሉ በማን ስም ነው? ራውተሩስ የት ቀረ? ውሉ በአከራይዎ ስም ከሆነ የእርስዎ ደብዳቤ ምንም አያቋርጥም፤ እሳቸው ይፈርሙ ወይም ውክልና ይስጡዎት። ራውተሩን ግድግዳው ላይ ትተውት ከወጡ ደግሞ አዲሱ ተከራይ እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «አልተጠቀምኩም» ማለቱ ይከብድዎታል።

በስልክ ነግሮ ክፍያ ማቆም ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ እርስዎም ገብተውበታል። ክፍያ ሲቆም መስመሩ ይዘጋ ይሆናል፤ ውሉ ግን አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2001 መሠረት ውል አለ ብሎ የሚጠይቅ ውሉን ያስረዳል፤ ግዴታው ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ነው። ማን እንዳነሳው እንኳ የማያስታውሱት የስልክ ጥሪ ይህን ሸክም አይሸከምም። የጥሪው ቀንና የአቤቱታ ቁጥር በስልክዎ ላይ ካለ አይሰርዙት።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ቁጥር፦ 01/2017
ቀን፦ ...
ጉዳዩ፦ የኢንተርኔት አገልግሎት ውል ስለማቋረጥ
በአገልግሎት ቁጥር ... እና በደንበኛ ቁጥር ... የተመዘገበው ውሌ ከሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2025) ጀምሮ እንዲቋረጥ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ የአድራሻ ዝውውር አይደለም። ውሉ የተቋረጠበት ቀንና የመጨረሻው ሒሳብ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልኝ፣ ራውተሩንም በርክክብ ሰነድ እንድትረከቡኝ እጠይቃለሁ።»

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የምጽፈው ሒሳቡ በፈረንጅ ወር የሚሠራ ከሆነ እንዳያከራክርዎት ነው። «ዝውውር አይደለም» ያልኩትም ቤት ቀይሬያለሁ ሲባል ጸሐፊው ማዛወሪያ እንዳይከፍትልዎት ነው። ውልዎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ከሆነ ቀኑን ደብዳቤው ገቢ ከሚሆንበት ዕለት ይቁጠሩ። ወደኋላ ሄደው የወጡበትን ቀን አይጻፉ፤ አይቀበሉትም።

ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስመቱ። ያለ ማህተም «እሺ፣ ደርሶናል» ቢሉዎት ከመስኮቱ አይነሡ። የጽሑፍ ማረጋገጫው በ15 ቀን ካልመጣ የገቢ ቁጥሩን ጠቅሰው ያስታውሷቸው።

ይህ ደብዳቤ ግን የሚዘጋው የወደፊቱን ሒሳብ ነው። ለሦስቱ ወር ዕዳ «አምናለሁ፣ በየወሩ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት ውሉን፣ የመጨረሻ ደረሰኞችዎን፣ የጥሪ መዝገቡንና ከቤቱ የወጡበትን የኪራይ ሰነድ ሰብስበው ለጠበቃ ያሳዩ። ውሉን ሳላይ ዕዳው ይቀርልዎታል ልልዎት አልችልም።