ያው ቻርት፣ ሁለት ቆጠራ

ጥያቄ፦ «አንዱ ተንታኝ ሞገድ 3 አልቋል፣ 5 ይቀራል፣ ግዙ ይላል። ሌላው በዚያው ቻርት ላይ ኤ-ቢ-ሲ ተጠናቋል፣ ይወድቃል ይላል። ማንን ልመን?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም የሚቆጥሩት በኤሊዮት ሞገድ ነው፦ ዋጋ በዋናው አቅጣጫ ከ1 እስከ 5 በሚቆጠሩ ሞገዶች ይሄዳል፣ ኤ-ቢ-ሲ ደግሞ ከዋናው አቅጣጫ በተቃራኒ የሚሄድ የሦስት ሞገድ እርማት ነው። ሁለቱም ደንብ አልጣሱም፤ ችግሩም እሱ ነው። ዋጋው ከ100 ተነስቶ 120 ደረሰ፣ ወደ 110 ወረደ፣ ከዚያ 142 ገባ እንበል። አንዱ 1-2-3 ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ዚግዛግ የሚባለው እርማት ነው ይላል። ውስጡን ከፍተህ ንዑስ ሞገዶቹን ብትቆጥር በሁለቱም አምስት፣ ሦስት፣ አምስት ታገኛለህ። ፊቦናቺም አይገላግልህም። ሁለተኛው መውጣት 32 ነው፣ የመጀመሪያው 20፤ ማለትም 1.6 እጥፍ። ይህ ልኬት ለሞገድ 3ም ለሲም የተለመደ ስለሆነ «ፊቦናቺ አረጋግጦልኛል» የሚልህ ምንም አላረጋገጠም።

የሚለያያቸው ቀጥሎ የሚመጣው መውረድ ነው። ሞገድ 4 ወደ ሞገድ 1 ክልል መግባት አይችልም። ስለዚህ ዋጋው ከ120 በታች ከወረደ የገዢው ቆጠራ ሞተ። ማንን ልመን ከማለት ይልቅ ይህን ቁጥር ከመግባትህ በፊት ጻፈው።

ዋጋው ከ142 ወርዶ 130 አካባቢ ቆመ እንበል፤ ከ32ቱ 12ቱን መለሰ፣ ወደ 38 በመቶ ማለት ነው፣ ለሞገድ 4 የተለመደ ነው። 130 ላይ ከገዛህ ስቶፕ ሎስህ ከ120 ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በአንድ አሃድ የምታጣው 10 ገደማ ነው። ሂሳብህ 10,000 ከሆነና 1 በመቶ ብቻ የምታስይዝ ከሆነ 10 አሃድ ትገዛለህ፣ ከዚያ አይበልጥም። ሞገድ 5 ብዙ ጊዜ ከሞገድ 1 ጋር ስለሚስተካከል ዒላማህ 150 ይሆናል።

አሁን ሰው ገንዘቡን የሚበላበት ቦታ ላይ ደረስን። ዋጋው 118 ሲገባ ያው ተንታኝ ብቅ ብሎ «142ኮ ሞገድ 3 ሳይሆን የሞገድ 3 የመጀመሪያዋ ትንሽ ሞገድ ነበር፣ ገደባችን 110 ነው» ይላል። የሚያናድደው ነገር፣ በደንቡ መሠረት ልክ ነው! የሞገድ ቆጣሪዎች ተሳስተው የማያውቁ የሚመስሉት በዚህ መንገድ ነው። አንተ ግን የገባኸው በመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ስቶፑን ወደ 110 ካወረድከው ኪሳራህ እጥፍ ሆኖ ከ100 ወደ 200 ያድጋል። መጀመሪያ ውጣ። አዲሱ ቆጠራ ካሳመነህ በራሱ ገደብና በራሱ መጠን እንደ አዲስ ግባ።

ከ142 በላይ መውጣቱም ሻጩን ሙሉ በሙሉ አይረታውም፤ ሲ ገና አላለቀም ሊል ይችላል። ሞገድ 5 ደግሞ አንዳንዴ 142ን ሳያልፍ ያጥራል። ስለዚህ ከ142 ትንሽ ቀደም ብለህ ግማሹን ሽጥ፣ የቀረውን ስቶፕ ወደ ገባህበት 130 አምጣው።