ከፊኛው የሚተርፈው የትኛው ቃል ነው?

ጥያቄ፦ «ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ኮሚክ እየተረጎምኩ ነው። ጽሑፉ ከንግግር ፊኛው እየተረፈ አስቸገረኝ። ፊደሉን ሳሳንሰው አይነበብም። ዓረፍተ ነገሩን ስቆርጠው ለዛው ይጠፋል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ በፊደል ቁጥር ከሄድን አማርኛ ከእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ያጥራል። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛልና። የሚያስቸግረው የቃሉ ርዝመት ነው። የእኛ ግስ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ጠቅልሎ በአንድ ቃል ይዟል። «አልሰበርኩትም» በእንግሊዝኛ አራት አጫጭር ቃላት ነው። እንግሊዝኛው ከአራቱ በፈለገው ቦታ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። እኛ አንችልም።

ፊኛ ደግሞ ከላይና ከታች ጠባብ፣ መሐሉ ሰፊ ነው። ረጅም ቃል ጠባቡ ቦታ ላይ ከዋለ ጠርዙን ይነካል። ማንጋ ሲሆን ይብሳል። ጃፓንኛው ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ ፊኛዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ የሚለኩት ረጅሙን ቃል ይሁን።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። መርማሪው ሌባውን አንቆ ይዞታል። ዕቃውን የት እንደሸሸገ ካልተናገረ እንደማይለቀው ይዝትበታል። ቀጥታ ትርጉሙ ይህ ነው፦

«የት እንደደበቅከው ካልነገርከኝ አልለቅህም!»

ሰዋስዉ ንጹሕ ነው። ግን «እንደደበቅከው» ብቻውን 8 ፊደል ነው፤ «ካልነገርከኝ» 7። ሁለቱም መሐል ላይ አይቀመጡም። አሁን ሰውየው በእውነት ቢቆጣ የሚለውን ያስቡ፦

«የት ደበቅከው? ሳትናገር አትሄድም!»

ከ23 ፊደል ወደ 17 ወረደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ5 ፊደል የሚበልጥ ቃል የለም። «የት»ን ከላይ ብቻዋን አስቀምጠው የቀሩትን ሦስት ቃላት አንድ በአንድ ቢደረድሩ ጠባብ ፊኛ ውስጥም ይገባል። ዛቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጠነከረ።

እዚህ የሠራው ምንድን ነው? የጽሑፍ አማርኛ ሐሳብን በ«እንደ»፣ በ«ስለ»፣ በ«ከ» እያያያዘ ግሱ ላይ ይከምራል። አፍ ላይ ያለው አማርኛ ግን ይሰብረዋል፤ ይጠይቃል፣ ከዚያ ያዛል። ኮሚክ ንግግር ስለሆነ ሁለተኛው ነው የሚስማማው። «ስለማይፈልግ ነው» ከማለት «አይፈልግማ!» ይበቃል። በሩ ሲንኳኳ ከውስጥ ያለው ሰው «እየመጣሁ ነው» አይልም፤ ገና ሳይነሣ «መጣሁ!» ነው የሚለው። «እኔ» እና «አንተ» ግሱ ውስጥ አሉ። ንጽጽር ወይም አጽንዖት ከሌለ ያውጧቸው። «እኮ»ን፣ «ኧረ»ን፣ «በል»ን ግን ለቦታ ብለው አይሠዉ። ለዛው ጠፋ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ መውጣት ነው። ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ የሰውየውን ድምፅ የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው። አክብሮትም እንደዚሁ። «ይቀመጡ» ከ«ተቀመጥ» አይረዝምም፤ ስለዚህ ሽማግሌውን አንተ የሚያስብል ምክንያት የለም።

ፊደሉን ማሳነስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። «ግቡ» እና «ግቢ» የሚለዩት በ«በ» ቀኝ እግር ላይ ባለች ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ መሐል፣ ሌላው ላይ ከታች። በስልክ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ሲጠብ ጭረቷ ትጠፋለች። ያኔ ሴቲቱን ይሁን ብዙ ሰው የሚጠራው አይታወቅም። ወደ ጎን መጨፍለቅም ያው ነው። ሌላም ጣጣ አለ፦ በኮሚክ ልማድ ሰፊ ፊኛ ውስጥ ያለ ትንሽ ጽሑፍ ሹክሹክታ ነው። ስለዚህ መጠኑን ለመላው መጽሐፍ አንዴ ይወስኑና አንድ ፊኛ ስለጠበበ ብቻ አይቀይሩት።

ቃል ከፍሎ ወደ ታች ማውረድስ? በብራና ላይ ቃልን የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለነበረ ጸሐፊው መስመር ሲያልቅበት ቃሉን የትም ይከፍለው ነበር፤ አንባቢ አይስትም። ዛሬ የምንለየው በባዶ ቦታ ነው። ያለ ምልክት የተከፈለ ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። ግድ ከሆነ ትርጉም ያለው መጋጠሚያ ላይ ይክፈሉት፤ «እንደ» ላይ ቆሞ «ደበቅከው» ወደ ታች ቢወርድ ዓይን ይቀበለዋል። «እንደደ» ላይ ቢቆም ግን አንባቢው ይደናቀፋል።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልገባ ፊኛውን ይንኩት። አሳታሚው ጽሑፉና ፊኛው ከሥዕሉ ተለይተው የተቀመጡበትን ፋይል ከሰጠዎት ፊኛውን ባዶ ሰማይ ወይም ግድግዳ ወዳለበት በኩል ማስፋት ይቻላል። ፊትና እጅ እንዳይሸፍን ብቻ ይጠንቀቁ። የባለመብቱ ፈቃድም ያስፈልጋል። ረጅም ንግግር ከሆነ ደግሞ ሁለት የተያያዙ ፊኛዎች ላይ ይከፋፈላል፤ መክፈያው ሰውየው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ይሁን። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጮክ ብለው ያንብቡት።