ጽሑፌ ሲነበብ ያምራል፤ ሲነገር ግን የሚከተለኝ የለም

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

መምህርት ነኝ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ልጆች እንቅልፍ ለ10 ደቂቃ እንድናገር ተመድቤአለሁ። ንግግሩን ጽፌ ሳነበው ወድጄው ነበር። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብለት ግን ሐሳቡ ከእኔ ሸሸ፤ ስጨርስም «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትያቸው?» አለኝ። የጠፋበት እዚህ ላይ ነው፦

«ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋቸው በእንቅልፍ ሐኪሞች የተገለጸ ቢሆንም፣ ከመኝታ በፊት ስልክ የሚመለከቱ ልጆች ዘግይተው ስለሚተኙና በማግስቱ ትኩረታቸው ስለሚቀንስ፣ ወላጆች ከላይ የተጠቀሰውን መጠን ለማሟላት የሚያስችል የመኝታ ሰዓት እንዲወስኑ ይመከራል።»

ቆራርጬ ባሳጥረው ይበቃል?

መልስ

ውድ ጠያቂዬ፣ ባለቤትዎ ያጡት ነገር የተቀመጠው በዓረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ሁለት ቃላት ውስጥ ነው። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን ለመጨረሻ ያቆየዋል። አንባቢ ቢጠፋው ዓይኑን መልሶ ይፈልጋል። አድማጭ ግን «ቢሆንም»ን፣ «ስለሚተኙና»ን፣ «ስለሚቀንስ»ን የት እንደሚያሳርፋቸው ሳያውቅ ተሸክሞ ይጓዛል፤ «እንዲወስኑ ይመከራል» ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን ጥሎታል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። «ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ እራቱን በልቶ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ ስልኩን ይዞ አልጋው ላይ ወጣ» ቢሉ ረጅም ነው፤ ጆሮ ግን አይከብደውም። እያንዳንዱ ድርጊት እንደተሰማ ተፈጽሞ ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አይንኩት፤ ሁሉን ቢቆራርጡት ንግግርዎ እንደ መዶሻ ምት ይሆናል። መፍታት ያለብዎት ምክንያትንና ተቃርኖን ከማሰሪያው በፊት የሚከምረውን ነው። ማሰሪያውን ቶሎ ይስጡ፤ ምክንያቱን በኋላ ራሱን ችሎ ይቁም።

ሌላም አደጋ አለ። «ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ» የሚለውን ጮክ ብለው ያንብቡት። ገና «ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት» ሲሉ አድማጭ የሚያስበው የግድግዳ ሰዓት ነው፤ «እንቅልፍ» እስኪሉ ድረስ ከሰዓት በኋላን እያሰላ ይቆያል። «ከላይ የተጠቀሰውን» የሚለውም ለጆሮ ባዶ ነው፤ በንግግር ውስጥ ከላይ የሚባል ቦታ የለም። ነገሩን በስሙ ይድገሙት። በጽሑፍ መደጋገም ያሰለቻል፤ ለአድማጭ ግን መያዣ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦

«ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ለልጆቻችሁ የመኝታ ሰዓት ወስኑላቸው። የእንቅልፍ ሐኪሞች፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ይተኛ ይላሉ። እንቁጠረው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የሚነሣ ልጅ፣ ማታ በሦስት ሰዓት እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በሦስት ሰዓት ስልክ እጁ ላይ ከሆነ፣ ዘጠኙ ሰዓት አይሞላም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ የማየው ያንን የጎደለ እንቅልፍ ነው።»

«ይመከራል» የሚለው «የምጠይቃችሁ» ሆኗል፤ ፊት ለፊታቸው ቆመው የሚናገሩት እርስዎ ነዎትና። አሥራ ሁለት ሰዓት የሚለውን የላይኛውን ወሰን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ለወላጅ ውሳኔ የሚያስፈልገው የታችኛው ነው፤ የሚጠይቅ ካለ በጥያቄ ሰዓት ይነግሩታል። ሐኪሞቹን ግን አላወጣኋቸውም፤ ቁጥሩ የእርስዎ አይደለምና ምንጩ አብሮት መሰማት አለበት።

ከዚያ ወረቀቱን ያዘጋጁ። ቁጥሮችን በፊደል ይጻፉ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ልጁ ይሰማል» ሲላላ ልጁ ሰሚ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ድምፁ የሚሰማለት። ጸሐፊዋ እርስዎ ቢሆኑም በመድረክ ድንጋጤ ይስታሉ። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በቀለም ነጥብ ያድርጉ። መስመሩንም ገጹ ሲያልቅ ሳይሆን ትንፋሽዎ በሚያርፍበት ይስበሩት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በሁለት ገጽ አይከፈል።

በመጨረሻም፣ ሰዓት ይዘው፣ በመድረክ ፍጥነትዎ፣ ቆመው ያንብቡትና በስልክ ይቅዱት። ሲያዳምጡ ወረቀቱን አይመልከቱ። ትንፋሽ ያጠረዎት ቦታ ሁሉ ገና ያልተፈታ ዓረፍተ ነገር አለ። 10 ደቂቃ ካለፈም ፍጥነትዎን ሳይሆን አንድ ሐሳብ ይቀንሱ። ቀጥሎ ለባለቤትዎ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡላቸውና «ምን አድርጉ አልኩ?» ብለው ይጠይቋቸው። «የመኝታ ሰዓት ወስኑ» ካሉ ወረቀቱን አይንኩት። «ስለ ስልክ ነገር» ካሉ ግን ጥያቄዎን የሸፈነው የስልኩ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱን አሳጥረው ጥያቄውን በመዝጊያው ላይ አንድ ጊዜ ይድገሙት።